የ3ኛ ፎቅ ቢሮ ኩሊንግ ሎድ ስሌት፦ ሂት ባላንስ ወይስ አርቲኤስ?

ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ዳሩን ቢሮ 3ኛ ፎቅ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገውን አቅም በሂት ባላንስም በአርቲኤስም፣ ማለትም በራዲያንት ታይም ሲሪስ ዘዴ፣ ሠርቼዋለሁ። ልዩነቱ ማሽን የሚያስቀይር ስለሆነ ከማዘዛችሁ በፊት እዩት።

ወለሉ 480 ካሬ ሜትር ነው፣ 40 ሰው ይሠራበታል። በምዕራብ በኩል 60 ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት አለ፣ መጋረጃ የለውም። የሚያዝያን ቀን ወስጄ ውጪውን 31፣ ውስጡን 24 ዲግሪ አድርጌያለሁ። ከላይም ከታችም ቢሮ ስላለ የጣሪያ ሙቀት አልገባም።

በአርቲኤስ ከባዱ ሰዓት ከቀኑ 11 ነው። በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ 10 ሰዓት ላይ 31.5 ኪሎዋት ይደርሳል፣ ግን መጀመሪያ የሚያሞቀው ወለሉንና ዕቃውን እንጂ አየሩን አይደለም፤ አየሩ ጋ የሚደርሰው በየሰዓቱ በድርሻ እየተከፈለ ቀስ በቀስ ነው፤ Q17 የ11 ሰዓቱ ነው፦

```
Q17 = 0.54×31.0 + 0.16×31.5 + 0.08×25 + 0.04×17 + 1.2
    = 25.7 kW
```

መጨረሻ ላይ ያለው 1.2 ከዚያ በፊት ካሉት ሰዓታት የተረፈው ነው። በዚህ ላይ ሰው 2.9፣ መብራት 3.7፣ ኮምፒውተር 4.7፣ ግድግዳ 1.7፣ በውጪና በውስጥ ሙቀት ልዩነት በመስታወቱ የሚያልፈው 2.3 ሲደመር 41.0 ኪሎዋት ይሆናል። የሰው እርጥበት 2.2 ለብቻው ነው።

ሂት ባላንስ ግን ለዚያው ሰዓት 37.4 ሰጠኝ። አርቲኤስ አንዴ የገባ ጨረር በሙሉ ዞሮ ክፍሉን ያሞቃል ብሎ ነው የሚያስበው። ሂት ባላንስ የእያንዳንዱን ገጽ ሙቀት በየሰዓቱ ስለሚፈታ፣ የሞቀው ወለል ወደ መስታወቱ የሚመልሰውና ማታ ከተማው ሲቀዘቅዝ በዚያው የሚወጣው ሙቀት ከሂሳቡ ይቀነሳል። መስታወቱ ትንሽ ወይም ድርብ ቢሆን ልዩነቱ ይጠብ ነበር፣ እዚህ ግን ነጠላ ነው፣ ሰፊም ነው። ስለዚህ ማሽኑን በሂት ባላንስ እንምረጥ። አርቲኤስን ግን አትጣሉት፤ ከ41ዱ 25.7ቱ የመስታወቱ ፀሐይ መሆኑን በአንድ እይታ ያሳየኝ እሱ ነው፣ በኤክሴልም ይሠራል።

ሁለቱም ዘዴ የማያድነን ነገር ከፍታው ነው። ከተማው ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። የሚነፋውን አየር መጠን ስታሰሉ ለአየሩ በ1.23 ፋንታ 0.99 ተጠቀሙ፤ 11ዱ በክፍሉና በሚነፋው አየር መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት ነው፦

```
37,400 / (0.99 × 11) = 3,434 L/s
37,400 / (1.23 × 11) = 2,764 L/s
```

ከካታሎግ የባሕር ጠለል ቁጥር ወስደን ፋን ብናዝዝ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለናል፣ ሰዎቹም ከሰዓት በኋላ በላብ ይጠመቃሉ። የንጹህ አየሩ 244 ሊትር በሰከንድ ደግሞ 1.7 ኪሎዋት ይጨምራል፣ እሱ ግን ክፍሉ ላይ ሳይሆን የማሽኑ ማቀዝቀዣ ኮይል ላይ ነው።

አርክቴክቱን ዛሬውኑ አናግሩልኝ። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ የሚወጣ ጥላ ብዙም አይከላከልም፣ ከውጪ የቆመ መከለያ ነው የሚያስፈልገው። እሺ ካለ ሁለቱንም ስሌት እንደገና እሠራለሁ፣ የማሽኑ ትዕዛዝ እስከዚያ ይቆይ።