ደረታቸውን ላመማቸው እናት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እማማ 68 ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ መጥተው ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጃቸው በጣም ደንግጣለች፤ ስለዚህ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ናት የምታስተረጉመው።

«እማማ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ነርሷ የምትለውን በአማርኛ እነግርዎታለሁ። የእርስዎንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእሷ አደርሳለሁ። ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ልቤን ነው ልጄ።»

(ለነርሷ፦ በአማርኛ «ልቤን» ሲባል ደረትም፣ የሆድ አፍም ሊሆን ይችላል። በእጃቸው እንዲያሳዩ ልጠይቅ?)

«በእጅዎ ያሳዩን። እዚህ፣ ደረትዎ መሐል? ይጫንዎታል፣ ይወጋዎታል ወይስ ያቃጥልዎታል?»

«ድንጋይ የተጫነብኝ ነው የሚመስለኝ።»

«ወደ ግራ ክንድዎ፣ ወደ መንገጭላዎ ወይም ወደ ጀርባዎ ይሄዳል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ላብ አጠመቀዎት? አስመለሰዎት? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

«ክንዴን ይዞኛል። አላበኝ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

«በሀበሻ ሰዓት ነው? ዛሬ ጠዋት?»

«አዎ፣ ቁርስ እንደበላሁ።»

(ለነርሷ፦ በእናንተ ሰዓት ጠዋት 9፡00።)

«ሕመሙ ከ10 ስንት ነው? 0 ማለት ምንም የለም፤ 10 ማለት ከዚህ በላይ የማይቻል።»

«ኧረ ተመስገን፣ ይቻላል።»

«ተመስገን ማለትዎን ነግሬያታለሁ፣ እማማ። ነርሷ ግን ቁጥሩን ትፈልገዋለች። እንዳያስቸግሩን ብለው አይደብቁ።»

«እንግዲያስ ስምንት በዪው።»

«የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ? ደም የሚያቀጥንስ? ለጾም ብለው ያቋረጡት መድኃኒት አለ? የአበሻ መድኃኒት ጠጥተዋል? ማንም አይቆጣዎትም፤ የምንሰጥዎት እንዳይጋጭ ነው።»

«የግፊቱን ብቻ። እሱም አለቀብኝ፤ አራት ቀኑ።»

«አስፒሪን ወይም ሌላ መድኃኒት ወስደው ሰውነትዎ አብጦ ወይም አሳክኮዎት ያውቃል? የጨጓራ ቁስለት አለብዎት? ደም አስመልሶዎት፣ ሰገራዎ ጠቁሮስ ያውቃል?»

«የለም፣ የለም።»

«ጥሩ። አሁን ልብዎ እንዴት እንደሚመታ በማሽን እናያለን። ደረትዎ ላይ ትንንሽ ተለጣፊዎች ይደረጋሉ። አያምም፤ ኤሌክትሪክም አይለቅብዎትም። ሴት ነርስ ናት የምትሠራው፤ ልብስዎን ስትከፍት በአንሶላ ትሸፍንዎታለች። ሽቦው ሲያያዝ አይንቀሳቀሱ፣ አይናገሩ። ትንፋሽዎን እንደወትሮው።

ዶክተሩ ይህን አስፒሪን አዞልዎታል። እንዳለ አይዋጡት፤ በደንብ ያኝኩት። ይመራል፣ ግን አይትፉት። ቀጥሎ ከክንድዎ ደም እንወስዳለን። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንደገና እንወስድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ብቻዎን ከአልጋ እንዳይወርዱ። ሽንት ቤት ካስፈለገዎት ይህን ቁልፍ ይጫኑ። ሕመሙ ከባሰ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ያኔውኑ ‹አመመኝ› ይበሉ፤ እስኪያልፍ አይጠብቁ። ልጅዎ በሩ ላይ ናት፣ እኔም እዚሁ ነኝ። አሁን ያኝኩት፣ እማማ።»