ጤነኛው ወገን

አያ ደሴ ከዓይናቸው ይልቅ ጣታቸውን ማመን ከጀመሩ ወዲህ፣ ግንብ እንዲያዩለት የሚጠራቸው ሰው ባለ ቁጥር የልጅ ልጃቸውን ውባለምን አስከትለው ይሄዳሉ። ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በጎንደር ከቁስቋም አቀበት ሥር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አስጠሯቸው። በድንጋይና በኖራ የተሠራው የግቢያቸው አጥር ከአናቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ክረምቱ ሳይጥለው በሲሚንቶ እንዲደፈንላቸው ፈልገዋል።

«ስንጥቁ የት ላይ ይሰፋል?» ሲሉ ሽማግሌው ጠየቁ።

«ከላይ እጄን ያስገባል፤ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ወገቡ ላይ ይጠፋል።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ውባለም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ የድንጋዩን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ተከተለች። መሃሉ ሰምጦ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ከሥር ይሰፋ ነበር። «ጫፉ ነው የወረደው። በቀኝ በኩል ረድፉ ያዘቀዝቃል።»

«መቼ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያስጨንቃታል፤ ምክንያቱም ስንጥቅን ማየት ለማንም የሚቀል ሲሆን ዕድሜውን መናገር ግን የግንበኛ ሥራ ነው። ጠርዞቹን አንድ በአንድ መረመረች። አዲስ የተሰበረ ድንጋይ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ የእነዚህ ግን እንደ ውጪው ጠቁሯል፣ ውስጡም የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ከፍ ብሎ ደግሞ ሁለት ጫፉ በኖራ የተያዘ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁን ተሻግሮ ተለጥፏል።

«ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም። ኖራው ላይ 1996 ተብሎ ተጽፏል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ አያ ደሴ፣ ፈተናውን አስቀድመው እንዳዘጋጁ ሳይደብቁ። «ያኔ የጎርፉን ቦይ ወደዚያ ማዶ አዞርነው። ግንቡ ከዚያ ወዲህ ቢነቃነቅ መስታወቱ አይችለውም ነበር።»

ባልቴቲቱ ቅር አላቸው። «ታዲያ ምንም የለውም ልትሉኝ ነው?»

አያ ደሴ መልስ ሳይሰጡ ለውባለም መዶሻዋንና ቱምቢውን አቀበሏትና ግንቡን እስከ መጨረሻው እንድትሄድበት አዘዟት። በስተግራ ያለው ክፍል የባልቴቲቱ ኩራት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋጠሚያው ሁሉ በሲሚንቶ ተሞልቶ ቀጥ ያለ መስመር ወጥቶለታል፤ ከሥሩም አንዲት ቆሎ ሻጭ ተቀምጣለች። ውባለም እዚያ ስትደርስ እርምጃዋ ዘገየ። ከግርጌው ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ ሲሚንቶው ሳይነካ የድንጋዮቹ ፊት እየተላጠ ነው። በመዶሻዋ ስትመታው በቀኝ በኩል ጠንካራ የነበረው ድምፅ እዚህ እንደ ባዶ ጋን አስተጋባ። ከአናቱ አንድ ስንዝር አርቃ የለቀቀችው የቱምቢ ገመድ ወገቡ ላይ ሲደርስ ከግንቡ በሁለት ጣት ብቻ ይርቃል።

«አባባ፣ ሆድ አውጥቷል።»

አያ ደሴ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። እንዲህ ያለ ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ መካከሉ በጠጠርና በኖራ ይሞላል፤ ከአናቱ የገባው ዝናብም በኖራው በኩል ቀስ ብሎ ተንኖ ይወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲታሸግ ውሃው መውጫ ያጣል፤ የውስጡን ኖራ እያጠበ ሁለቱን ፊት ያለያያቸዋል። ይህን የተማሩት በወጣትነታቸው በፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ጊዜ የተለጠፈው ሲሚንቶ ተነሥቶ በኖራ ሲተካ በቀን ሠራተኝነት ድንጋይ እያቀበሉ ነው፤ ሲሚንቶን እስከ ዛሬ የሚጠሉት ግን ትንሽ ከልክ አልፈው ይመስለኛል፣ ለአዲስ ቤት መሠረት እንኳ ሲጠቀሙበት ያጉረመርማሉ።

ቆሎ ሻጯን በልመና አስነሷት። ባልቴቲቱ ግን አልተዋጠላቸውም። «የተሰነጠቀውን ትታችሁ ደህናውን ልታፈርሱብኝ ነው?»

አያ ደሴ ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ፤ እንድትመልስ መፈለጋቸው ነበር። ውባለም ከመከራከር ይልቅ ቀጭን ሽቦ ፈልጋ በአንድ ክፍተት ሰደደችው። ክንድ የሚያህል ያለ ምንም እንቅፋት ገባ። ስታወጣው ጫፉ ላይ የተጣበቀውን እርጥብ፣ አሸዋ የመሰለ ኖራ በባልቴቲቱ መዳፍ ላይ አራገፈችው።

«እትዬ፣ ይህ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያያዘው ነበር።»

ሴትዮዋ በጣታቸው አሹት፤ ተበተነ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ስለ ዋጋው ብቻ ነው። አያ ደሴ ኖራው ለመብሰል ጊዜ ስለሚፈልግ ከክረምቱ በፊት መልሶ መገንባት እንደማይቻል፣ አሁን የሚደረገው ሆድ ያወጣውን ክፍል ማውረድና የቀረውን አናት በላስቲክ መሸፈን መሆኑን ነገሯቸው። ባልቴቲቱ ላስቲክ ሊፈልጉ ወደ ቤት ሲገቡ ውባለም ከኪሷ ጠመኔ አወጣች።

«ከየት እናፍርስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከላይ።»

«ቁጥሩንስ ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«ከታች። መልሰን ስንገነባ መጀመሪያ የምንፈልገው እሱን ነው።»

«ጻፊ እንግዲህ» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው አጎነበሱ።