የሬዲዮ አድማጮች የቡድን ውይይት፦ የአወያይ መመሪያ፣ ጥያቄዎችና የድምፅ ቅጂ ስምምነት (ጅማ፣ ኅዳር 2018)

ይህ ለአወያይዋና ለማስታወሻ ያዡ የተጻፈ ነው። ሁለታችሁም ከመጀመሪያው ውይይት በፊት ሙሉውን አንብቡት። የስምምነቱን ጽሑፍ ደግሞ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ወረቀት ላይ አጭር የሚመስል ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ሲደርስ ይረዝማል።

ለምን እንወያያለን?

ሥራውን የሰጠን የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ፕሮግራም ሊያሸጋሽግ አስቧል። ማወቅ የሚፈልገው ሰው በዚያ ሰዓት የት እንደሚሆን፣ ሬዲዮው በማን እጅ እንዳለና በምን ቋንቋ መስማት እንደሚቀለው ነው። «ስንት ሰው ይሰማናል?» የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም። ከ16 ሰው መቶኛ አይወጣም። ጣቢያው ቢጠይቀንም አንሰጥም።

አራት ውይይቶች አሉ። ሁለቱ በአፋን ኦሮሞ ናቸው። የራሳቸው አወያይና የራሳቸው መመሪያ አላቸው፤ ይህኛው ቃል በቃል ተተርጉሞ የተሰጣቸው አይደለም። የእናንተ ሁለቱ በአማርኛ ናቸው፦

ቅዳሜ ኅዳር 6፦ ቤት የሚያስተዳድሩና አነስተኛ ንግድ ያላቸው ሴቶች።
ቅዳሜ ኅዳር 13፦ የባጃጅ ሾፌሮችና ባለሱቆች፣ ሁሉም ወንዶች።

ሴቶችንና ወንዶችን የለየነው ሆን ብለን ነው። «ሬዲዮውን ማን ይከፍታል?» የሚለው ጥያቄ ባል የሆነ ሰው ፊት አንድ ዓይነት መልስ አለው፤ ባል በሌለበት ሌላ።

ተሳታፊ አመራረጥ

ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ሰው ጥሩ፤ 8 ቢመጣ ይበቃል። ወደ ጣቢያው ስልክ የሚደውሉ አድማጮችን አትጥሩ፤ እነሱ ወዳጆች ናቸው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይሁን። የጣቢያው ሠራተኛ ዘመድም አይሁን። ሁሉም 18 ዓመት የሞላቸው ይሁኑ። ከሄርማታ ብቻ እንዳይሆኑ ከጅሬን፣ ከቦሳ አዲስና ከመንደራ ቆቺም ፈልጉ።

ስልክ ስትደውሉ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ «ባለፉት ሰባት ቀናት ሬዲዮ ሰምተዋል?» እና «የት?»። «አልሰማሁም» የሚል ሰው ከተገኘ አትለፉት፤ ከስምንቱ ሁለቱ እንደዚህ ያሉ ይሁኑ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ ዜና ሰምቶ የወረደ ሰው «ሬዲዮ አልሰማም» ይላል። አይዋሽም። እሱ አልከፈተውማ።

ውይይቱ እንደሚቀዳ በዚሁ ስልክ ንገሯቸው። አልፈልግም የሚል ሰው ሰባት ሰው እያየው ሳይሆን እዚያው በስልክ ይበል።

ክፍሉና መቅረጫው

የምንሰበሰበው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 9 ተኩል ላይ እንጨርሳለን። ለአስር ሶላት የሚሄድ ሰው ሳይጨነቅ ይደርሳል። ለትራንስፖርት ለእያንዳንዱ 200 ብር ይሰጣል፤ ውይይቱን አቋርጦ ለወጣም ሙሉው ይከፈለዋል።

ሄርማታ የተከራየነው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ከጣለ ቅጂው ዋጋ የለውም፤ እስኪያባራ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ። ቡናው ግን አስቀድሞ ተቆልቶና ተወቅጦ ይጠብቅ። ባለፈው ሥራዬ ላይ የሙቀጫው ድምፅ የአሥራ አምስት ደቂቃ ጨዋታ በልቶብኛል። ስኒ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥም ይጮኻል፤ ስለዚህ ከመቅረጫው ሥር የታጠፈ ነጠላ አድርጉ።

ሁለት መቅረጫ ይኑራችሁ፦ አንድ የድምፅ መቅረጫና አንድ የሥራ ስልክ። ስልኩ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ሰዎቹ ሳይመጡ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቅዱና በሩቅኛው ወንበር የተባለው መሰማቱን አረጋግጡ። ሁለቱም መቅረጫዎች ሰው በሚያያቸው ቦታ ይቀመጡ።

የድምፅ ቅጂ ስምምነት

(መቅረጫው ሳይከፈት አወያይዋ ቀስ ብላ ታነባለች።)

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ሬዲዮ ለመጫወት ነው። ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም። አንድ ሰዓት ተኩል እንቆያለን።

ጨዋታችንን በድምፅ ልንቀዳው እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም እየጻፍን ሁሉንም መያዝ አንችልም። ፎቶና ቪዲዮ አናነሳም። ድምፃችሁ በሬዲዮ አይተላለፍም፤ ቅጂው ለጣቢያው አይሰጥም። የሚያዳምጡት እኔ፣ ማስታወሻ የሚይዘው ባልደረባዬና የጥናቱ አስተባባሪ ብቻ ነን። ወደ ጽሑፍ ስንገለብጠው በስማችሁ ፋንታ ቁጥር እንጠቀማለን። ሪፖርቱ ውስጥ የተናገራችሁት ሊጠቀስ ይችላል፤ ማን እንደተናገረው ግን አይገለጽም። ድምፁን ጥር 30 ቀን 2018 እናጠፋዋለን።

መሳተፍ ግዴታ አይደለም። መመለስ የማትፈልጉትን ጥያቄ እለፉት። መነሳት ከፈለጋችሁ ምክንያት አንጠይቅም፤ የትራንስፖርቱ ገንዘብም አይቀርባችሁም። እስከ ኅዳር 30 ድረስ ከደወላችሁልን የተናገራችሁትን ከጽሑፉ እናወጣለን። ከድምፁ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቸግራል፤ የሌሎች ድምፅ አብሮ አለ። ይህን አስቀድማችሁ እወቁልን።

አንድ ነገር ልንዋሻችሁ አንፈልግም። እኛ ምስጢራችሁን እንጠብቃለን፤ እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን ውጭ ወጥቶ እንዳያወራ ማሰር አንችልም። እዚህ የተባለው እዚህ እንዲቀር እርስ በርሳችሁ አደራ ተባባሉ። ሰፈር ውስጥ እንዲሰማ የማትፈልጉትን ነገር ደግሞ አትናገሩ።

ጥያቄ ያለው አለ?»

ጥያቄዎቹ ከተመለሱ በኋላ ማስታወሻ ያዡ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በዝቅታ «ቢቀዳ ይስማማሉ?» ይላል። የተስማማው ከቁጥሩ ጎን ይፈርማል፤ መፈረም የማይመቸው በጣቱ ያትማል። አንድ ሰው እንኳ «አይ» ካለ መቅረጫው አይከፈትም። ማን እንዳለም አይነገርም። «ዛሬ በማስታወሻ ብቻ እንሠራለን» ብላችሁ ጀምሩ። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዘመን ላይ ነን፤ ይህ ግን አዋጁ ባይኖርም የምናደርገው ነው።

ሁሉም ከተስማማ መቅረጫውን ክፈቱና «አሁን እየተቀዳ ነው፤ የተስማማን ነን?» ብላችሁ መልሳቸውን ቅዱ።

ጥያቄዎቹ

*ማሟሟቂያ (10 ደቂቃ)።* «ቁጥራችሁንና የምትሠሩትን ንገሩን። ዛሬ ጠዋት ስትነቁ መጀመሪያ የሰማችሁት ድምፅ ምን ነበር?» አዛን፣ ቅዳሴ፣ ዶሮ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይመጣል። አንዱ ሬዲዮ ካለ ዝም ብላችሁ እለፉ፤ ተራው ይደርሳል።

*የረቡዕ ውሎ (25 ደቂቃ)።* «ረቡዕ ዕለት ከነቃችሁበት እስከ ተኛችሁበት ድረስ የት የት ሬዲዮ ሰማችሁ? የከፈታችሁትም ባይሆን።»

የውይይቱ ልብ ይህ ነው። «ብዙ ጊዜ ምን ትሰማላችሁ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እንዲያ ሲባል ሰው ሊሰማው የሚገባውን ይናገራል፤ ሁሉም ዜና አድማጭ ይሆናል። አንድ የታወቀ ቀን ሲጠየቅ ግን ሻይ ቤቱም፣ ጸጉር ቤቱም፣ በርጫውም ይመጣል። ትናንትን ያልመረጥነው አርብ ስለሆነ ነው፤ ጁምዓ አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ኅዳር 12 ሚካኤል ይውላል። ሐሙስ ገበያ ነው። ረቡዕ ራቅ ቢልም ተራ ቀን ነው። ለማስታወስ ለከበደው «ምሳ የት በላህ?» ማለት ይረዳል፤ ለጾመኛው ይበልጥ ይቀለዋል።

ተከታይ ጥያቄዎች፦ ማን ከፈተው? ድምፁን ማን ከፍ ወይም ዝቅ አደረገ? እናንተ ምን እየሠራችሁ ነበር? መብራት ነበር? በስልክ ነው ወይስ በሬዲዮ? የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ወደ ገጠር ወጣ ብሎ የዋለ ካለ እዚያ ምን እንደተሰማ ጠይቁ።

*የተዘጋው ሬዲዮ (10 ደቂቃ)።* «በቅርቡ ሬዲዮ የዘጋችሁበትን ወይም ጣቢያ የቀየራችሁበትን ጊዜ ንገሩን። ምን እየተባለ ነበር?» ሰው የሚወደውን በይሉኝታ ይናገራል፤ የሰለቸውን ሲያወራ ግን ይነቃል።

*ቋንቋ (10 ደቂቃ)።* «ቤታችሁ ውስጥ ስንት ቋንቋ ይሰማል? ዜናን በየትኛው፣ ዘፈንን በየትኛው፣ የጤና ምክርን በየትኛው?» አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ዳውሮኛ፣ የም፣ ካፊኛ ሁሉም ሊነሳ ይችላል። የትኛው ቋንቋ ይበልጣል ወደሚል ክርክር ከዞረ «እናንተ ቤት እንዴት ነው?» ብላችሁ መልሱት።

*እምነት (10 ደቂቃ)።* «አንድ ነገር በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሰምታችሁ ሬዲዮ ላይ ሌላ የሰማችሁበት ጊዜ አለ? ከዚያ ማንን ጠየቃችሁ?» ጉዳዩ ራሱ እውነት ነበር ወይ ብላችሁ አትግቡበት።

*ሦስት ቅጂ (10 ደቂቃ)።* ከሦስት ጣቢያዎች የምሽት ፕሮግራም አንድ አንድ ደቂቃ አሰሙ። የጣቢያው ስም የሚጠራበት ቦታ ተቆርጧል። «ይህ ለማን የተሠራ ይመስላችኋል?» «ቢቀጥል ትቆያላችሁ?» ሥራውን የሰጠን ጣቢያ የትኛው እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገር። እንግዳ ፊት ባለቤትን መውቀስ ነውር የሆነበት አገር ነው።

*ምሽቱ (10 ደቂቃ)።* «ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቤታችሁ ውስጥ ምን ይሆናል?» በየግማሽ ሰዓቱ ሂዱ። ከዚያ፦ «ሬዲዮ መግባት የሚችልበት ሰዓት የቱ ነው? ጨርሶ የማይገባበትስ?»

*መዝጊያ።* «ሳንጠይቃችሁ የቀረ ነገር አለ?» መቅረጫው ከተዘጋ በኋላ ጫማ እያሰረ ቁም ነገር የሚናገር ሰው አይጠፋም። ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቁ።

ሲወያዩ

አወያይዋ ትንሽ ትናገር። ዝምታ ሲሆን በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ፤ አንድ ሰው ይሞላዋል።

ብዙ የሚያወራ ሰው፦ «ጋሼ፣ ይህን ያዙልኝ፤ ቁጥር አምስት ምን ይላል?» ታላቅን ቁጥር ብሎ መጥራት ያስቀይማልና ለእሳቸው ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ ይሁን። ስም ግን አይጠራ። ካመለጠ ሲገለበጥ ይወጣል።

ሁሉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ካለ፦ «በሌላ ቤት እንዲህ አይደለም የሚል አለ?»

ፖለቲካ ከጠነከረ ወይም አንድ ሰው የራሱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር መናገር ከጀመረ አወያይዋ እጇን አንስታ «ቡና እንጠጣ» ትላለች፤ ማስታወሻ ያዡ መቅረጫውን ያጠፋል። ሲመለሱ በሌላ ጥያቄ ትጀምራላችሁ።

ማስታወሻ ያዡ ሁሉንም ለመጻፍ አይሞክር። የእሱ ሥራ የተናጋሪውን ቁጥርና የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቃላት መያዝ ነው። ያለዚያ ስምንት ድምፅ ሲገለበጥ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። መቅረጫ የማይሰማውንም ይጻፍ፦ ማን ሳቀ፣ ማን አንገቱን ነቀነቀ፣ ማን ስልኩን አየ።

ከተለያዩ በኋላ

ክፍሉን ሳትለቁ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ያስገረማችሁን፣ ያልገባችሁንና መቀየር ያለበትን ጥያቄ ጻፉ። ቅጂውን በይለፍ ቃል ወደተቆለፈው ላፕቶፕ አስተላልፉና ከስልኩ አጥፉ። በቴሌግራም አትላኩ፤ ለእኔም ቢሆን። የስምምነት ፊርማዎቹና ጽሑፉ በተለያየ ቦታ ይቀመጡ።

የኅዳር 6ቱ ጽሑፍ እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 ይድረሰኝ። የረቡዕ ውሎ ጥያቄው ካልሠራ ለሾፌሮቹ እንቀይረዋለን፤ እነሱ ቀኑን የሚያስታውሱት በቀን ስም ሳይሆን ነዳጅ በቀዱበት ቀን ሊሆን ይችላል።