ባህል የሚጋጨው የት ነው? ኤክስፖርት፣ የፈቃድ ስምምነትና የሽርክና ኩባንያ በባህል ልዩነት ዓይን

አንድ ኩባንያ ወደ ውጭ ገበያ ሊገባ ሲያስብ ሦስት መንገዶች ቶሎ ፊቱ ይደቀናሉ። ዕቃውን አገሩ ሠርቶ ይላክ? ስሙንና አሠራሩን ለሌላ ፈቅዶ ከሽያጩ የሚታሰብ ክፍያ፣ ማለትም ሮያሊቲ ይቀበል? ወይስ ከአገሬው ኩባንያ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አዲስ ድርጅት ያቁም? በኮርሱ ደጋግመን የሰማነው መልስ አለ፤ ባህሉ ሩቅ ከሆነ የአገሩን ሰው ሸሪክ አድርግ የሚል። እኔ ግን በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። ሸሪክ መያዝ የባህልን ልዩነት አያጠፋውም። ከገበያው አንስቶ ወደ ስብሰባ ጠረጴዛ ያመጣዋል እንጂ። ስለዚህ ባህሉ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ከመለካት በፊት፣ ልዩነቱን በየቀኑ የሚሸከመው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቁጥሮቹና ድክመታቸው

ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኸርት ሆፍስቴድ የአይቢኤም ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 የሞሏቸውን ከ100,000 በላይ መጠይቆች ተንትኖ አራት መለኪያዎች አወጣ። የሥልጣን ርቀት፣ ማለትም ሰው የአለቃና የበታች ልዩነትን ምን ያህል እንደ ተፈጥሯዊ ነገር እንደሚቀበል። ግለኝነት ወይስ ለቡድን ማደር። ፉክክርና ስኬት ወይስ መተሳሰብ። አራተኛው ደግሞ ያልታወቀ ነገርን መሸሽ ነው። በኋላ ላይ ሁለት ተጨምረዋል፤ ለረጅም ጊዜ ማሰብና ለደስታ ልቅ መሆን።

ትችቱም ብዙ ነው። የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ አገርን ይወክላል ወይ? ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ የአገር አማካይ መሆኑ ነው፤ ለድርድር ከፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ሰው ደግሞ አማካይ አይደለም፣ የራሱ ዕድሜ፣ ትምህርትና ጠባይ ያለው ሰው ነው።

ኮጉትና ሲንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እነዚህን ቁጥሮች ወደ አንድ የባህል ርቀት መለኪያ ጨምቀው ወደ አሜሪካ የገቡ የውጭ ኩባንያዎችን መረመሩ። ርቀቱ ሲጨምር የነበረን ኩባንያ ጠቅልሎ ከመግዛት ይልቅ ሽርክና የመመረጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ጥናቱ የሚነግረን ኩባንያዎቹ ምን እንደመረጡ ነው። እንደተሳካላቸው አይደለም።

አንድ ኩባንያ፣ ሁለት አገር

የአሜሪካውን የመዝናኛ ኩባንያ ዲዝኒን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በ1983 ቶኪዮ ላይ፣ በ1992 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ መዝናኛ ፓርክ ከፈተ። ሆፍስቴድ ከአሜሪካ ጋር ሲያነጻጽራቸው ጃፓን ከፈረንሳይ የባሰ ሩቅ ናት። በግለኝነት አሜሪካ 91፣ ፈረንሳይ 71፣ ጃፓን 46 ናቸው። ያልታወቀን በመሸሽ አሜሪካ 46፣ ፈረንሳይ 86፣ ጃፓን 92። ከአራቱ መለኪያዎች ፈረንሳይ የባሰ የምትርቀው በሥልጣን ርቀት ብቻ ነው። በቁጥሩ ብንሄድ መቸገር የነበረበት ቶኪዮ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ለምን? በቶኪዮ ዲዝኒ የባለቤትነት ድርሻ አልነበረውም። ኦሪየንታል ላንድ የሚባል የጃፓን ኩባንያ በፈቃድ ስምምነት ፓርኩን ገንብቶ ያስተዳድረዋል፣ ዲዝኒ ደግሞ ከመግቢያ ትኬቱ፣ ከምግቡና ከዕቃው ሽያጭ ሮያሊቲ ይቀበላል። ጃፓናውያኑ የፈለጉት እውነተኛውን አሜሪካዊ ፓርክ ነበር፤ መልኩን እንዳለ ወሰዱ። ሠራተኛ መቅጠሩን፣ ማሠልጠኑንና መቆጣጠሩን ግን ባህሉን ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ያዙት።

በፓሪስ ዲዝኒ የፓርኩን ኩባንያ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ አስተዳደሩንም ራሱ ጨበጠ። ያኔ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ገነኑ። ፓርኩ ውስጥ ወይን አይሸጥም ተባለ፤ ምሳን ያለ ወይን በማያስብ አገር። በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ተነሣ። ስለ ሠራተኞች ፀጉር፣ ጺምና ጌጥ የወጣው ደንብ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር አጋጨ። ፈረንሳዮች ቁርስ ቁጭ ብለው አይበሉም ተብሎ የሆቴሎቹ ምግብ ቤቶች እንዲያንሱ ተደረገ። እንግዳው ግን ቁርሱን ፈለገ፣ ሰልፉም ረዘመ። ይኼኛው ስህተት በጣም ያስተምራል፤ ምክንያቱም ባህልን ከመናቅ አልመጣም፣ ባህልን አውቀናል ከማለት የመጣ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ የፓሪሱ ችግር ባህል ብቻ አልነበረም። ከባድ ዕዳ ነበር፣ ወለዱ ከፍ ያለ ነበር፣ አውሮፓም በኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ውስጥ ነበረች። በሌላ በኩል ዲዝኒ በቶኪዮ የሮያሊቲ ድርሻውን እንጂ የትርፉን ትልቅ ክፍል አላገኘም። አደጋውን ለሌላ የሰጠ ትርፉንም አብሮ ይሰጣል።

ሸሪኩ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ

አንድ የሽርክና ኩባንያ ስብሰባ ላይ እንቀመጥ። የሥልጣን ርቀቱ ዝቅ ካለ አገር የመጣው ሥራ አስኪያጅ ዕቅዱን አቅርቦ "ጥያቄ አለ?" ይላል። ዝም። ተስማማን ብሎ ይወጣል። የአገሬው ምክትል ግን ዕቅዱ እንደማይሠራ ያውቃል፤ በሰው ፊት አለቃን ማረም ነውር ስለሆነበት በኋላ ለብቻ የሚጠየቅበትን ሰዓት ይጠብቃል። ማንም አይጠይቀውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ሥራ ይገኛል። አንዱ ሌላውን "ደብቆብኛል" ይላል፣ ሌላው "አልሰማኝም" ይላል። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስለኝም።

የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖንና ዋሃሃ የሚባለው የቻይና የመጠጥ ኩባንያ በ1996 የጀመሩት ሽርክና ይህን በትልቁ ያሳያል። ዳኖን ወደ 51 በመቶ ድርሻ ደረሰ። ቁጥጥሩን በወረቀት ጨበጠ። የዕለት ሥራውን የሚመሩት ግን መሥራቹ ዞንግ ቺንግሆ ነበሩ፤ የሠራተኛውም ታማኝነት ለእሳቸው ነበር። ከሽርክናው ውጭ በዋሃሃ ስም ተመሳሳይ መጠጥ የሚያመርቱ ድርጅቶች መኖራቸው ጠብ ሆኖ በ2007 አደባባይ ወጣ፣ የንግድ ምልክቱ የማን ነው የሚለውም አብሮ ተነሣ። በ2009 ዳኖን ድርሻውን ሸጦ ወጣ። የጥቅም ግጭት ነው ብንል ልክ ነን። ነገር ግን አንዱ ወገን ውልን የነገሩ መቋጫ አድርጎ ሌላው የግንኙነት መጀመሪያ አድርጎ ሲያየው፣ የጥቅሙ ግጭት ሳይፈታ ዓመታት እንዲብላላ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ የቱ መቼ?

ኤክስፖርት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ድንበር የሚሻገረው ዕቃው ነው፤ የባህሉን ሸክም አከፋፋዩ ይሸከማል። ላኪው ርካሽ ትምህርት ያገኛል፣ ገዢውን ግን በሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነው የሚያየው። አከፋፋዩ ያልነገረውን አያውቅም።

የፈቃድ ስምምነት የሚያዋጣው ዕውቀቱ በጽሑፍ መስፈር ሲችል ነው። ቀመር፣ ንድፍ፣ የንግድ ምልክት ይጻፋል። ደንበኛን የማስተናገድ ልማድ ግን እንዲሁ አይጻፍም፤ ቶኪዮ ላይ የሠራው ተቀባዩ ራሱ ያንን ልማድ በራሱ መንገድ መፍጠር ስለቻለ ነው። ተቀባዩ ሲበረታ ነገ ተፎካካሪ ሊሆን እንደሚችልም ውሉ ከመፈረሙ በፊት መታሰብ አለበት።

ሽርክናን የምመርጠው ሁለቱም ወገኖች ሌላው ብቻውን የማያገኘው ነገር ሲኖራቸው ነው፣ የባህል ርቀቱን ፈርተን ስለሸሸን መሆን የለበትም። ድርሻው 51 ይሁን 49 ከመባሉ በፊትም ሦስት ነገር በግልጽ ይነገር፦ የንግድ ምልክቱ በማን ስም ይመዘገባል፣ ሠራተኛውን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ማን ነው፣ የበታች ሠራተኛ ተቃውሞውን በሰው ፊት ሳይጋለጥ የሚያሰማው በየት በኩል ነው።