ሐሳቡም የእሷ፣ ኮዱም የእሷ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ደረሰ፣ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። አዲስ ነገር ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ወዳለው፣ ሴት ልጆች ኮድ መጻፍ ወደሚማሩበት ክፍላችን ብቅ በሉ። ውጭ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ውስጥ ግን የኪቦርድ ድምፅ ብቻ። አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እናቷ መጋላ ላላት ሱቅ የሒሳብ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ከጻፈቻቸው መስመሮች አንዱ ይኸው፦

```
ትርፍ = ሽያጭ - ወጪ
```

አዎ፣ ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ በፊደላችን ይሠራል! ባለፈው ሳምንት ስክሪኑ `'(' was never closed` እያለ አስቸገራት። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ያልተዘጋችውን ቅንፍ አገኘቻት፣ ዘጋቻት፣ ቁጥሩ ወጣ። «እማዬ ነይ እዪ!» አለች በስልክ። ማንም አልረዳትም።

ለእነዚህ ልጆች ከንፈር አትምጠጡላቸው። ጎበዞች ናቸው። የጎደላቸው ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና አብሯቸው የሚቀመጥ አስተማሪ ነበር፤ እሱን እኛ አቀረብን። ሌላው የራሳቸው ሥራ ነው።

ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለሽ የድሬ ልጅ፣ ቦታሽ ተይዟል። ክፍያ የለውም። ደብተርና ሠርተሽ ማየት የምትፈልጊውን ነገር ይዘሽ ነይ።