ለእትዬ፦ እንግዶችዎ ስለ ፔንሲዮንዎ የጻፉት 412 አስተያየት ሲጠቃለል

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? «ሰዉ ስለ ቤቴ ምን እንደሚል ቁጭ ብለህ አንብበህ ንገረኝ» ያሉኝን ጨርሻለሁ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥር 2018 ድረስ ጉግል ማፕ ላይ 238፣ ክፍል በሚያዝበት ድረ ገጽ ላይ 97፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ደብተር 77፣ በድምሩ 412 አስተያየት ተጽፏል። ሁሉንም አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት ለነገ የማይባል አንድ ነገር አለ። ከጓሮ በኩል ያለው የምድር ቤት ክፍል መቀርቀሪያው አይይዝም። ይህን የጻፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በብዛት ከደረደርነው ከሁሉም በታች ይወድቃል። ሦስቱም ግን ብቻቸውን የመጡ ሴቶች ናቸው። አንዷ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብላለች፦ «ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው፣ ክፍሉም ንጹሕ ነው። በሩ ግን ስለማይዘጋ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር አስደግፌ ነው ያደርሁ።» ይህን የጻፈችው በ2015 ነው፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ባለፈው ኅዳር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያው መቀርቀሪያ ማለት ነው። እባክዎ መቀርቀሪያው እስኪቀየር ድረስ ያን ክፍል አያከራዩት።

አሁን ወደ ጠቅላላው ልግባ። ከ412ቱ 58ቱ ኮከብ ብቻ ሰጥተው አንድም ቃል ያልጻፉ ናቸው። 14ቱን ደግሞ አውጥቻቸዋለሁ፤ ወይ ሁለት ጊዜ የተለጠፉ ናቸው፣ ወይ ሌላ ቤት ከእርስዎ ጋር ያምታቱ። የቀሩት 340 ናቸው፦ 187ቱ በአማርኛ፣ 118ቱ በእንግሊዝኛ፣ 35ቱ በሌሎች ቋንቋዎች። ከ340ው 211ዱ ረክተው የሄዱ ናቸው። 83ቱ ደስታና ቅሬታ ቀላቅለዋል። 46ቱ አዝነው ሄደዋል። በአንድ አስተያየት ውስጥ ስለ ውኃም ስለ ቡናም የተነሣበት ስላለ፣ ከታች በየርእሱ የማነሣቸው ቁጥሮች ሲደመሩ ከ340 ቢበልጡ አይገረሙ።

ኮከቡን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይገባ ያወቅሁት በዚህ ሥራ ነው። ዘጠኝ ሰዎች አንድ ኮከብ ሰጥተው «አንደኛ ቤት ነው» ብለው ጽፈዋል። አንድ ኮከብ የአንደኝነት ምልክት መስሏቸው ነው እንጂ ቤቱን ጠልተው አይደለም። በተቃራኒው አምስት ኮከብ ሰጥቶ «ውኃችሁ እንደ ጠበል ነው፣ ሱባኤ ካልገቡ አይገኝም» ያለም አለ። የአገራችን ሰው ወቀሳውን በሰም ለብጦ ነውና የሚያቀርበው፣ እንዲህ ያለውን ከቅሬታ ቆጥሬዋለሁ። «ምንም አይልም» ያሉትን ደግሞ ከተቀላቀሉት ጋር አድርጌያቸዋለሁ፤ ሰው ደስ ብሎት «ምንም አይልም» አይልማ። መጀመሪያ በኤክሴል «ጥሩ» የሚለውን ቃል ፈልጌ ልቆጥር ሞክሬ ነበር፤ «ጥሩ አልነበረም» የሚለውም አብሮ ስለሚቆጠር ተውሁት። ሰዉ «ንጽሕና»ን በአራት ዓይነት ፊደል፣ አንዳንዱም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በዓይን ማንበብ ግድ ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ውኃ ነው። 94 ሰዎች ስለ ሻወርና ስለ ውኃ አንስተዋል፤ 85ቱ በቅሬታ። የከተማው ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ እኔም እርስዎም እናውቃለን፤ በዚያ ማንም እርስዎን አይወቅስም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። 85ቱን ለሁለት ከፈልኋቸው። በ24ቱ ላይ ሠራተኛ አስቀድሞ «ዛሬ ውኃ የለም» ብሎ ነግሯል፣ ወይም ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዞ መጥቷል። ከነዚህ 17ቱ ውኃ አጥተውም ቢሆን በጥቅሉ ረክተው ነው የሄዱ፤ ሰባቱ ተቀላቅለዋል፤ አዝኖ የሄደ አንድም የለም። የቀሩት 61 ሰዎች ሳሙና ከተቀቡ በኋላ ነው መቋረጡን ያወቁ፣ ወይም ደውለው የመጣላቸው የለም። ከነዚህ የረኩት 11 ብቻ ናቸው። 24ቱ ተቀላቅለዋል፣ 26ቱ አዝነዋል። አዝነው ከሄዱት 46 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት እነዚህ 26ቱ ናቸው፣ እትዬ።

ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ በዚህ ብቻ ተረጋግጧል አልልም። ሰዎቹ የሚጽፉትን ሳነብ ግን ልቤ ያመነው ይህንኑ ነው፦ እንግዳ ውኃ በመጥፋቱ ሳይሆን ማንም ሳይነግረው በመቅረቱ ነው የሚቆጣው። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ አባት እንዲህ ብለዋል፦ «ልጅቱ ‹አባባ፣ ውኃ እስከ ማታ አይመጣም፤ አፍልቼ ላምጣልዎ› ብላ አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ አደረሰችኝ። እቤቴም እንዲህ አልታጠብም።» አምስት ኮከብ ሰጥተዋል። ስለዚህ የምመክርዎት ቀላል ነው። ቁልፍ ሲሰጥ ስለ ውኃው ይነገር፤ በየክፍሉ አንድ የተሞላ ጄሪካን ይቀመጥ።

ሌላም አለ። 14 ሰዎች የላይኛውን ፎቅ ለይተው «ውኃ አለ፣ ግን አይሞቅም» ብለዋል። ሻወሩ ላይ ያሉት ፈጣን ማሞቂያዎች የውኃው ግፊት ካነሰ አይነሱም። ሮቶው ጣራው ላይ ስለሆነ ልክ ከሥሩ ላለው ፎቅ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ምድር ቤት ላለው ግን ይበረታል። ማሞቂያው ተበላሽቷል ብለው አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ቧንቧ ሠሪው ግፊቱን ይመልከተው። ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መግጠም ይበቃ ይሆናል።

ሠራተኞችዎን ሰው ይወዳቸዋል። 156 ሰዎች አንስተዋቸዋል፤ 141ዱ በምስጋና። ቅሬታ ካነሱት 15 ዘጠኙ ዘበኛው ሌሊት በር ለመክፈት መዘግየቱን ነው የሚያነሱ። ቡና የምታፈላው ልጅ ለብቻዋ መነሣት ይገባታል። ስለ ቁርስና ቡና ከጻፉት 102 ሰዎች 41ዱ ቡናውን ጠርተዋል፤ «ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሣም አልኩ» ያለ አለ፣ እጣኑን የጠቀሰ ፈረንጅ አለ። ደመወዟን እንዲያስቡበት በትሕትና እጠይቅዎታለሁ፤ እሷ ወደ ሌላ ቤት ብትሄድ ከምስጋናው ብዙው አብሯት ይሄዳል።

በቁርሱ ላይ ግን 28 ቅሬታ አለ፤ 12ቱ የጾመኞች ናቸው። ቁርስ ከክፍሉ ኪራይ ጋር ተያይዞ ስለሚከፈል፣ በሁዳዴም ሆነ በረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ የሚጠብቅ እንግዳ ከፍሎ ሳይበላ ይወጣል። ለደብረ ብርሃን ሥላሴና ለቁስቋም ብለው የሚመጡ ብዙ ስላሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ከቅዳሴ ስመለስ 9 ሰዓት ሆነ፤ ቁርስ አልቋል ተባልኩ» ትላለች አንዷ። ለእነሱ ቁርሱን ሽሮ ወይም በያይነቱ አድርጎ ከሰዓት ማቅረብ ወጪ አይጨምርም። ከቀሩት 16 ብዙዎቹ እንቁላሉ ቀዝቅዞ መጣ የሚሉ ናቸው፤ ይህንን ከወጥ ቤት ጋር መነጋገር ይበቃል።

በሰዓት ምክንያት የተጎዱ 22 ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የውጭ እንግዶች ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ «ቁርስ 1:00–3:30» ይላል። ለእኛ ከጠዋቱ ነው፤ ፈረንጁ ግን ከሰዓት በኋላ ብሎ ያነበዋል። «ቁርስ በምሳ ሰዓት የሚቀርብበት አገር» ብሎ የጻፈ እንግዳ ሊቀልድ አልነበረም፤ ተርቦ ነው የወጣ። የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ባልና ሚስት ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ መኪና ለ6:00 አዘዙ፤ እነሱ ያሰቡት በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ መዝገቡ ላይ ግን «6 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። መኪናው እኩለ ቀን ላይ መጣ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የቀኑ ጉዟቸው ከንቱ ቀረ። ማስታወቂያው «7:00–9:30 ጠዋት» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይስተካከል፤ ትእዛዝ ሲመዘገብም «ጠዋት» ወይም «ማታ» ይጨመርበት።

በዚሁ ላይ፣ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቢሆንም በፈረንጆች ዘንድ አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 19፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2012 ጃንዋሪ 20 ነበር፤ ሁለት እንግዶች ለ19 ብለው ይዘው በዋናው ቀን ክፍል አጡ። ለጥምቀት የሚይዝ እንግዳ ሲደውል ቀኑን እኛው እንንገረው።

ጩኸት የሚያነሱ 43 ናቸው። 26ቱ የጎረቤቱን ሙዚቃ፣ 11ዱ የንጋቱን ድምፅ ማጉያ፣ ስድስቱ ጄነሬተሩን። የንጋቱን ማንም ሊነካው አይገባም፤ ከዕቅዳችን ያውጡት። ለሙዚቃው ግን ከመንገድ ራቅ ያሉትን ክፍሎች ለአዛውንትና ለሕፃን እናስቀድም።

ስለ ቦታው ከጻፉት 88 ሰዎች 80ዎቹ ደስተኞች ናቸው፤ ወደ ፋሲል ግቢ በእግር መድረስን የማይጠቅስ ጥቂት ነው። ንጽሕና 52 ምስጋና፣ 19 ቅሬታ አለው፤ ቅሬታው አብዛኛው ስለ ፎጣ ነው። ስለ ዋጋ ካነሱት 37 ሰዎች 21ዱ ተመጣጣኝ ነው ይላሉ። ዋይፋይ 19 ጊዜ ተወቅሷል፤ 17ቱ ግን ከ2014 በፊት ናቸው፤ መስመሩን ከቀየሩ ወዲህ ቅሬታው ስለቀነሰ ገንዘብ እዚያ ላይ አያውጡ።

ለሦስቱ ሴቶች የምንመልሰውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ ይቅርታ ጠይቀን ያስተካከልነውን የምንነግርበት ነው። ደብተሩ ላይ የጻፈችው የስልክ ቁጥሯን ትታ ስለሄደች በስልክ እንነግራታለን፤ ሁለቱን ጉግል ማፕ ላይ። መቀርቀሪያው የተቀየረ ዕለት ይደውሉልኝና ያኔውኑ እልከዋለሁ።