የመረጃ ቋት ምርጫ ለአንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል፦ ሪሌሽናል እና ኖኤስኪውኤል በንጽጽር

ምዕራፍ አንድ፦ መግቢያ

1.1 የጥናቱ መነሻ

ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በካርድ ክፍላችን መስኮት ፊት ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ የሆስፒታሉ የመረጃ ችግር ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለዚህ ጥናት ስዘጋጅ ሦስት ሰኞዎችን እዚያ አሳልፌአለሁ። በሁለተኛው ሰኞ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ ካርዷን ግን ቤት ረስታ መጥታለች። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ ከመደርደሪያው ሦስት ካርዶች አወረደች። ሦስቱም ከዲጃ ይላሉ፤ የአባት ስማቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ከአንድ ቀበሌ ናቸው። ሠራተኛዋ በዕድሜ ለይታ አንዱን ሰጠቻት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አዋላጅ ነርሷ ባለፈው ወር የተሠራውን የደም ምርመራ ውጤት ከካርዱ ውስጥ ብትፈልገው አጣችው። ውጤቱ ከሌላይቱ ከዲጃ ካርድ ጋር ተያይዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቲቱ እንደገና ደም ሰጠች፣ እንደገና ተራ ጠበቀች።

ያን ቀን የደረሰው ጉዳት ጊዜና ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ነው። የተሳሳተው ወረቀት የደም ዓይነት ወይም የመድኃኒት አለርጂ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን መግቢያ በሌላ ስሜት እጽፈው ነበር። ከዚህ በታች የማነሣቸው ቴክኒካዊ ነጥቦች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፦ የአንዲት ታካሚ መረጃ የእርሷ ብቻ ሆኖ እንዲቆይ የሚጠብቀው ማን ነው? ሠራተኛው ነው፣ ፕሮግራሙ ነው ወይስ የመረጃ ቋቱ ራሱ?

ሆስፒታላችን በጅማ ዞን ከሚገኙት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በአገራችን የጤና ሥርዓት እንዲህ ያለው ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ታካሚ ወደ ጅማ ይልካል። የሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሰርቨርና 11 ኮምፒውተሮች እንዲገዙ ከወሰነ በኋላ ሁለት የሶፍትዌር ሐሳቦች ቀርበውለታል። አንደኛው በኖኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ላይ ይሠራል፤ የቀረበለት ምክንያት ዘመናዊነቱ ነው። ሁለተኛው በሪሌሽናል የመረጃ ቋት ላይ ይሠራል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሆኑ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ለሆስፒታል አይበቁም ብዬ አምናለሁ።

1.2 የሁለቱ ቤተሰቦች አመጣጥ

ሪሌሽናል የመረጃ ቋት መነሻው የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጥናታዊ ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ረድፍ የሚለይበት ቁልፍ ይኖረዋል፣ አንዱ ሠንጠረዥ ሌላውን የሚጠቅሰው በዚያ ቁልፍ ነው። ታካሚዋ አንድ ጊዜ ትመዘገባለች፤ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱና ገንዘብ ተቀባዩ ስሟን እንደገና አይጽፉም፣ ቁጥሯን ይጠቅሳሉ እንጂ። ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል በዚህ መንገድ የተሠሩና በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ኖኤስኪውኤል የአንድ ሥርዓት ስም አይደለም። የሠንጠረዡን መንገድ ያልተከተሉ ልዩ ልዩ የመረጃ ቋቶች የጋራ መጠሪያ ነው፤ በቁልፍና በዋጋ የሚያስቀምጡ፣ በሰነድ የሚያስቀምጡ፣ ዝምድናን በመረብ መልክ የሚይዙ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ስሙ የገነነው ጉግል በ2006፣ አማዞን በ2007 እ.ኤ.አ. የውስጥ ሥርዓቶቻቸውን የሚገልጹ ጽሑፎች ካወጡ በኋላ ነው። እነርሱ የገጠማቸው ችግር በአንድ ማሽን የማይያዝ መረጃን በሺዎች በሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ ማከፋፈል ነበር። በሰነድ ከሚያስቀምጡት ሁሉ የታወቀው ሞንጎዲቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር እፈልጋለሁ። ሠንጠረዥ አልባው አቀማመጥ ለሕክምና እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቦስተን በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ መምፕስ የተባለ ቋንቋ ከነመረጃ ቋቱ ተሠርቶ ነበር፤ የታካሚን መረጃ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ የሚይዝ፣ ከኤድጋር ኮድ ጽሑፍም የቀደመ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ሐሳቦች አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ብሎ መመዘን ታሪኩን አለማወቅ ነው።

1.3 የሆስፒታላችን ሥራ የሚጠይቀው

በመጀመሪያ የመጠንን ጉዳይ እንዝጋው። በቀን 200 ታካሚ ቢመጣና ለእያንዳንዱ 20 መዝገብ ቢጻፍ፣ በቀን 4,000 ረድፍ ይሆናል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 1.2 ሚሊዮን፣ በአሥር ዓመት 12 ሚሊዮን ረድፍ ማለት ነው። ይህን አንድ መካከለኛ ሰርቨር ያለ ችግር ይሸከመዋል። ኖኤስኪውኤል የተፈለገበት ዋና ምክንያት፣ ማለትም መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ መበተን፣ እኛ ዘንድ የለም።

ያለው ችግር ሌላ ነው። መብራት ይጠፋል። መድኃኒት ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ለታካሚ 30 ፍሬ አሞክሲሲሊን ሲሰጥ ሁለት ነገር መመዝገብ አለበት፤ ለታካሚዋ መሰጠቱና ከክምችቱ መቀነሱ። መብራቱ በሁለቱ መካከል ቢጠፋ፣ ወይ ከክምችት የተቀነሰው ለማን እንደተሰጠ ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ወይ የተሰጠው ከክምችት ሳይቀነስ ይቀራል። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ ተጠያቂው ያ ሠራተኛ ነው። ሪሌሽናል የመረጃ ቋቶች ፕሮግራሙ ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ላይ ካሰራቸው እንደ አንድ ሥራ ይይዟቸዋል፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ሞንጎዲቢም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሰነዶች ላይ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ይህን አለመናገር ለእርሱ ፍትሕ መንፈግ ይሆናል። ልዩነቱ፣ በሁለቱም ዘንድ ማሰሩ የፕሮግራም ጸሐፊው ሥራ ቢሆንም፣ በአንደኛው ይህ የተለመደው አሠራር ሲሆን በሌላው ለብቻው አስቦበት የሚጨምረው መሆኑ ነው። አስቦበት የሚጨምር ባለሙያ ደግሞ በከተማችን ሁልጊዜ አይገኝም።

ቀጥሎ የቀን ጉዳይ አለ። ነርሶቻችን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 የተወለደ ሕፃን ሲመዘገብ ወሩ 13 ይሆናል። ፖስትግሬስኪውኤል የቀን ዓምድ ላይ 2017-13-03 ቢጻፍለት አይቀበልም። ሰነድ የሚያስቀምጠው ቋት፣ ማረጋገጫ ደንብ ካልተጻፈለት በቀር፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው እንቢታ ለጊዜው ያበሳጫል፤ ነገር ግን ችግሩ ከዓመታት በኋላ የክትባት ቀን ሲሰላ ሳይሆን ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲታይ ያደርጋል። መፍትሔው ቀኑን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር አስቀምጦ በስክሪን ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ነርሷ «ከሌሊቱ 8» ብላ የጻፈችውን ኮምፒውተሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት አድርጎ ከያዘው፣ መርፌው የተሰጠበት ሰዓት በስድስት ሰዓት ተዛንፏል።

የስም አጻጻፍ ግን በሁለቱም መንገድ አይፈታም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉና ሃይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት። በዚህ ላይ በቁቤ የተጻፈ ስም ከፊደል ጋር ሲቀላቀል አንዱ ታካሚ በሁለት ካርድ ይወጣል። ይህን የሚያቃልለው ስሙን ወደ አንድ መልክ የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድና ከስም ጋር ያልተያያዘ የታካሚ ቁጥር ነው። የሶፍትዌር ሻጭ «የእኛ የመረጃ ቋት ይፈታዋል» ካለ፣ እንዴት እንደሚፈታው ቁጭ ብሎ እንዲያሳይ እጠይቃለሁ።

ኖኤስኪውኤል የሚያመዝንበት ቦታ አለ፤ በቅንነት መታየት ይገባዋል። የላቦራቶሪ ቅጾች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የወባ ምርመራ ሁለት መስመር ነው፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ከአሥር በላይ ዋጋዎች አሉት፣ አዲስ የምርመራ ማሽን ሲመጣ ደግሞ ቅጹ ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መሥራት አድካሚ ነው፤ ሰነድ ግን እንደ ቅጹ ይለጠጣል። ሌላው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ በስልክ መዝግበው ሲመለሱ መረጃውን ከዋናው ጋር የማገናኘት ሥራ ነው። እንደ ካውችዲቢ ያሉ ቋቶች ለዚህ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ በሪሌሽናል በኩል ይህን ለመሥራት ብዙ ድካም ያስፈልጋል።

ሆኖም የሚለዋወጥ ቅጽ ለመያዝ ሠንጠረዡን መተው ግድ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚሠራው ኦፕንኤምአርኤስ የተባለ የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር እያንዳንዱን የሕክምና ምልከታ እንደ አንድ ረድፍ በመያዝ በሪሌሽናል ቋት ላይ ይሠራል። ፖስትግሬስኪውኤልም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዓምድ ውስጥ ሰነድ በተቀላጠፈ መንገድ ይይዛል። በዚህ ጥናት የምንሞክረው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

```sql
CREATE TABLE lab_result (
  result_id  bigint PRIMARY KEY,
  patient_id bigint NOT NULL REFERENCES patient(patient_id),
  test_code  text NOT NULL,
  taken_at   timestamptz NOT NULL,
  details    jsonb
);
```

የመጨረሻው ዓምድ ቅጹ እንደፈለገ እንዲለወጥ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ዓምድ ግን አይለወጥም፤ ባለቤት የሌለው ውጤት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ሠራተኛው ከሦስቱ ከዲጃዎች የተሳሳተችውን ከመረጠ ይህ መስመር አያድነንም፤ ለዚያ የካርድ ቁጥርና የማንነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ውጤት ያለ ታካሚ እንዳይንሳፈፍ ግን ዋስትና ይሰጣል።

1.4 የጥናቱ ወሰንና አካሄድ

ጥናቱ ፖስትግሬስኪውኤልንና ሞንጎዲቢን ብቻ ያነጻጽራል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰርቨር ላይ፣ በፈጠራ ስሞች በተዘጋጀ መረጃ ይሞከራሉ። የእውነተኛ ታካሚ መረጃ ለሙከራ አንጠቀምም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል፣ አዋጁ ባይኖርም አናደርገውም ነበር። የሬዲዮሎጂ ምስሎች አቀማመጥና የደመወዝ ሥርዓት ከጥናቱ ውጭ ናቸው።

ምዕራፍ ሁለት የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የመድኃኒት ቤቱን የሥራ ፍሰት ይገልጻል። ምዕራፍ ሦስት የሁለቱን ንድፍ ጎን ለጎን ያቀርባል። ምዕራፍ አራት የሙከራዎቹ ነው፤ በመጻፍ መካከል የሰርቨሩን የኤሌክትሪክ መስመር ነቅለን ምን እንደተረፈ እንቆጥራለን፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንለካለን፣ ዲኤችአይኤስ 2 ወደተባለው የጤና ሪፖርት ሥርዓት የሚላከውን ወርኃዊ ሪፖርት ከሁለቱም እናወጣለን። ምዕራፍ አምስት የወጪና የባለሙያ ጉዳይን ያያል፤ በተለይም ሥርዓቱን የሚጠብቀው ባለሙያ ሥራ ቢለቅ ተተኪውን ከጅማ ማግኘት ይቻል እንደሆነ።

እስካሁን ያለኝ ግምት የታካሚው መዝገብ፣ የመድኃኒቱና የገንዘቡ ክፍል በሪሌሽናል ቋት ላይ ቢቆም፣ የሚለዋወጡት ቅጾች በውስጡ በሰነድ መልክ ቢያዙ ይሻላል የሚል ነው። ይህን ግምት አስቀድሜ የማሳውቀው ኮሚቴው የምዕራፍ አራትን ውጤት ሲያነብ ወዴት አዘንብዬ እንደጀመርኩ አውቆ እንዲመዝነኝ ነው። ሞንጎዲቢ መስመሩ ተነቅሎ በአንድም የመድኃኒት መዝገብ ላይ ካልተሳሳተና ሪፖርቱን በእኩል ፍጥነት ካወጣ፣ ግምቴን በዚያው ምዕራፍ ውስጥ አነሣለሁ።